ለወላጅ የሚጻፍ ደብዳቤ በታወቁ ቃላት ብቻ

(በሰፈራችን ነዋሪዎች ማኅበር አዳራሽ ለወላጆች የተሰጠ ንግግር ነው። ተናጋሪው የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ናቸው። በዕለቱ ላልተገኙ ነዋሪዎች ይደርስ ዘንድ ንግግሩ ከዚህ ቀጥሎ ቀርቧል።)



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት በልጆቻችሁ እጅ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት ስለሚላከው ወረቀት ነው። አንዳንዱ ወረቀት ተነቦ ሥራ ላይ ይውላል። አንዳንዱ ደግሞ ተነቦም ሥራ ላይ አይውልም። ለምን እንደዚያ እንደሚሆን፣ ምንስ ሊደረግ እንደሚቻል አንድ ወረቀት ይዤ ላስረዳ።

ወረቀቱ እንዲህ ይላል፦

«ተማሪው የእይታ ውስንነት የሚስተዋልበት በመሆኑና ይህም በትምህርት አቀባበሉ ላይ አሉታዊ ተጽዕኖ እያሳደረ ስለሚገኝ፣ በወላጅ በኩል አስፈላጊው ክትትል እንዲደረግለትና ውጤቱም በአጭር ጊዜ ውስጥ ለትምህርት ቤቱ እንዲገለጽ በጥብቅ እናሳስባለን።»

ከየት ትምህርት ቤት እንደወጣ መናገር አያስፈልግም፤ ማኅተምና ፊርማ ያለበት፣ የሰዋስው ስሕተት የሌለበት ወረቀት ነው። የደረሳቸው እናት ማንበብ ያውቃሉ። አንድ በአንድ ለቅመው አነበቡት። ታዲያ ምን ተረዱ? «አቀባበል» እሳቸው የሚያውቁት የእንግዳ አቀባበል ነው። «ክትትል» ማለት ልጁን ከኋላው እየተከተሉ መጠበቅ መሰላቸው። «ውጤት» በትምህርት ቤት ቋንቋ የፈተና ማርክ ነው፤ ስለዚህ ማርኩ ዝቅ ብሏል አሉ። «በጥብቅ እናሳስባለን» የሚለውን እንደ ማስፈራሪያ ወሰዱት። በመሆኑም ልጁን ከጨዋታ ከለከሉት፤ ማታ ማታ በመብራት እንዲያጠና አደረጉት። ዓይኑን የሚያይ ሐኪም ዘንድ ግን አልወሰዱትም። ሁለት ወር ሙሉ ልጁ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ የማይታየውን ጥቁር ሰሌዳ ሲያይ ከረመ።

እኚህ እናት ጥፋት የለባቸውም። ወረቀቱን ደግማችሁ ብትሰሙት «ሐኪም» የሚል ቃል የለበትም። «ውሰዱት» የሚልም የለበትም። ማን ምን ማድረግ እንዳለበት አልተነገረም። «ክትትል እንዲደረግለት» ይላል እንጂ የሚያደርገው ሰው ምን እንደሚያደርግ አይናገርም።

እኔ ለወላጆች የምጽፈው አስቀድሞ በተመረጠ የቃላት ዝርዝር ብቻ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ቃል አልጠቀምም። የዚህ ጥቅሙ ቃላቱ ቀላል መሆናቸው ብቻ አይደለም። «ክትትል»፣ «ተጽዕኖ»፣ «አስፈላጊው እርምጃ» የሚሉት ቃላት ሲወሰዱብኝ የምደበቅበት ቦታ ይጠፋኛል። የግድ «እርስዎ ይውሰዱት» ማለት ይኖርብኛል።

ወረቀቱን የሚያነበው ማነው?

ዝርዝሩ እንዴት እንደተሠራ ከመናገሬ በፊት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል። ደብዳቤው ላይ «ለወላጅ» ተብሎ ይጻፍ እንጂ አንባቢው ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። በአንዱ ቤት ልጁን የምታሳድገው አያቱ ናት፤ በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ፊደል ቆጥራለች፤ ከዚያ ወዲህ ግን የሚነበብ ነገር እጇ ስላልገባ ንባቧ ፊደል በፊደል ነው። በሌላው ቤት አባት አማርኛን የተማረው በገበያና በሥራ ቦታ ነው፤ በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ ወይም ጉራጊኛ ነው። በሌላው ቤት ደግሞ የሚያነብ ስለሌለ ወረቀቱ ወደ ጎረቤት ይሄዳል። ከሁሉም የሚበዛው ግን ወረቀቱን ልጁ ራሱ ሲያነበው ነው።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ የ3ኛ ክፍል ልጅ ሊያነበው የማይችል ደብዳቤ ለብዙ ወላጅ አልደረሰም ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ልጁ ወይም ጎረቤት ጮክ ብሎ ሲያነበው የሚያሳፍር ነገር በወረቀት አይጻፍም። የሚያሳፍር ነገር ካለ «ይምጡና እንነጋገር» ተብሎ ይጻፋል፤ የቀረው በቃል ነው። ልጅ ስለ ጥፋቱ የተጻፈን ወረቀት እንዴት ለውጦ እንደሚያነብ እናንተም አትጠፉትም።

ዝርዝሩ እንዴት ተሠራ?

በጥቂት ቃላት የመጻፍ ሐሳብ አዲስ አይደለም። ቻርልስ ኦግደን የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1930 ዓ.ም. 850 የእንግሊዝኛ ቃላት ብቻ ያሉበት ዝርዝር አሳትሞ ነበር። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ግሶቹ 18 ብቻ ናቸው። የእንግሊዝኛ ጠባይ ይህን ይፈቅዳል፤ «ሄደ» የሚለውን ግስ ይዞ «ወደ ውስጥ»፣ «ወደ ላይ»፣ «ወደ ኋላ» የሚሉ ትንንሽ ቃላት ሲጨመሩበት ገባ፣ ወጣና ተመለሰ ይሆናል።

በአማርኛ ይህ አይሆንም። የእኛ ግስ አቅጣጫውን በሆዱ ይዞ ነው የሚሄደው። ገባ፣ ወጣ፣ ወረደ፣ ተመለሰ፣ ደረሰ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ቃል ናቸው። «ልጁ ወደ ውስጥ ሄደ» ብሎ «ገባ»ን ለማስቀረት የሚሞክር ሰው ቀላል አማርኛ ሳይሆን የተሰበረ አማርኛ ይጽፋል። ስለዚህ የእኔ ዝርዝር 400 ገደማ ቃላት ሲሆን ከሲሶው በላይ ግስ ነው።

ቃላቱን የለቀምሁት ከሁለት ቦታ ነው። የመጀመሪያው የ1ኛና የ2ኛ ክፍል የንባብ መጽሐፍ ነው። ከዚያ ውስጥ ትልልቅ ሰዎች በኑሮአቸው የማይጠቀሙባቸውን አወጣሁ። ሁለተኛው የትምህርት ቤቱ በር ነው። ጠዋት ልጅ ሲያደርሱና ማታ ሲወስዱ ወላጆች የሚጠይቁኝን ጥያቄ አንድ መንፈቅ ሙሉ በደብተር ጻፍሁ። ወላጅ «የትምህርት አቀባበሉ እንዴት ነው?» ብሎ አይጠይቅም፤ «ትምህርቱ ይገባዋል ወይ?» ነው የሚለው። ስለዚህ «ገባው» በዝርዝሩ ውስጥ አለ፤ «አቀባበል» የለም።

ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ቃል ለሦስት ሰው አቀረብሁ፦ ለአንድ አረጋዊ፣ አማርኛን ሲያድግ ለተማረ አንድ ሰው፣ ለአንድ የ3ኛ ክፍል ልጅ። ሦስቱም ትርጉሙን በራሳቸው አነጋገር ከነገሩኝ ቃሉ ይቆያል። አንዱ ካመነታ ይወጣል።

አንድ ቃል ሲገባ ስንት ቃል ይገባል?

አማርኛ እዚህ ላይ ሌላ ችግር ያመጣል። «ገባ» በዝርዝሩ ውስጥ አለ እንበል። ታዲያ «አገባ»ም አብሮ ገባ ማለት ነው? አይደለም። «አስገባ» ማለት ወደ ውስጥ አደረገ ነው፤ «አገባ» ግን ሚስት አገኘ ነው! ሥራቸው አንድ ስለሆነ አንዱን የሚያውቅ ሌላውን ያውቃል ማለት አይቻልም። «በላ» ቀላል ነው፤ «ተባሉ» ግን ተጣሉ ማለት ይሆናል። ስለዚህ በዝርዝሩ ላይ ከእያንዳንዱ ግስ አጠገብ የሚፈቀደው እርባታ ተጽፏል። ከ«ገባ» አጠገብ «አስገባ» እና «ገባው» ብቻ ናቸው የተጻፉት።

ሌላው ርዝመቱ ነው። «እንዲያስመረምሩላቸው» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ምንጩ «መረመረ» ነው፤ እሱን ሁሉም ያውቃል። ቃሉ ግን 12 ፊደል አለው። ፊደል በፊደል የሚያነብ ሰው መጨረሻው ሲደርስ መጀመሪያውን ይረሳል። የእኔ ደንብ ከ6 ፊደል የበለጠ ቃል አልጽፍም የሚል ነው። ሲበዛብኝ ለሁለት እሰብረዋለሁ፤ «ሐኪም ዓይናቸውን እንዲያይ ይውሰዷቸው» ስል አንዱ ቃል አራት ይሆናል፤ ሁሉም ግን አጭር ነው።

የፊደል ነገርም አለ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ እንዲሁም ሰ እና ሠ በድምፅ አንድ ናቸው። አንዱ መምህር «ሐኪም»፣ ሌላው «ሀኪም» ብሎ ቢጽፍ ለፈጣን አንባቢ ምንም አይደለም። በቀስታ ለሚያነብ ሰው ግን የቃሉ መልክ ይለወጥበታልና እንደ አዲስ ቃል ከመጀመሪያው ይጀምረዋል። ስለዚህ በዝርዝሩ ውስጥ አንድ ቃል አንድ አጻጻፍ ብቻ ነው ያለው። የትኛው ትክክል ነው ብለን ለመከራከር ሳይሆን፣ ዛሬም ነገም በአንድ መልክ እንዲታይ ነው።

አሁን ደብዳቤውን እንጻፍ

ወደዚያ ልጅ እንመለስ። ወረቀት ከመያዜ በፊት ለአራት ጥያቄ መልስ አዘጋጃለሁ። ምን አየሁ? ወላጅ ምን ያድርግ? መቼና የት? እኔስ ምን አደርጋለሁ?

ምን አየሁ ለሚለው «የእይታ ውስንነት» አይፈቀድም። በታወቀ ቃል ልጻፍ ብዬ «ልጅዎ አያይም» ብል ደግሞ እናቲቱ ዕውር ሆነ ብለው ይደነግጣሉ። በጥቂት ቃል የመጻፍ ትልቁ አደጋ ይኸው ነው፤ ቃሉ ቀላል ሲሆን ነገሩ ከልኩ ያልፋል። መድኃኒቱ ያየሁትን ነገር ራሱን መጻፍ ነው። ልጁ ከኋላ ሲቀመጥ ዓይኑን ያጠባል፤ ከጎኑ ካለው ልጅ ደብተር ይገለብጣል፤ ከፊት ሲቀመጥ ግን ራሱ ያነባል። እንግዲህ «ከሩቅ ማየት አልቻለም፤ ከቅርብ ግን ያያል» ብዬ ብጽፍ እውነት ነው፤ አያስደነግጥምም። ሐኪምም ይህን ዓረፍተ ነገር ቢያነበው ይጠቅመዋል፤ ከ«እይታ ውስንነት» ይልቅ የበለጠ ይነግረዋልና።

ቀጥሎ ጊዜው ነው። «በአጭር ጊዜ ውስጥ» ለአንዱ ሁለት ቀን፣ ለሌላው ሁለት ወር ነው። ስለዚህ የቀኑ ስም ይጻፋል። ሰዓት ሲጻፍም «ጠዋት» ወይም «ከሰዓት በኋላ» ይጨመርበታል፤ ሰዓቱም ሁላችንም በምንቆጥረው በሀገራችን አቆጣጠር ይሁን። ቁጥሩ በአኃዝ ይጻፋል፤ ገንዘብና የአውቶቡስ ቁጥር የሚለይ ሰው ሁሉ አኃዝ ያነባልና።

ደብዳቤው እንዲህ ሆነ፦

«ለወይዘሮ . . . . . .

እንደምን ሰነበቱ?

ልጅዎ ደህና ነው። ምንም አላጠፋም።

ጥቁር ሰሌዳ ላይ የምጽፈውን ከሩቅ ማየት አልቻለም። ከቅርብ ግን ያያል።

ሐኪም ዓይኑን ማየት አለበት።

እባክዎ እስከ ዓርብ ድረስ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት። ጠዋት በ2 ሰዓት ቢሄዱ ጥሩ ነው። ይህን ወረቀት ለሐኪሙ ያሳዩ።

ሐኪሙ ያለውን ነገር ሰኞ ጠዋት መጥተው ይንገሩኝ።

እስከዚያ ድረስ ልጅዎ ክፍል ውስጥ ከፊት ይቀመጣል።

አክባሪዎ መምህር . . . . . .»

እንግዲህ ተመልከቱ። «ምንም አላጠፋም» የሚለው በመጀመሪያው ወረቀት ላይ አልነበረም። ከትምህርት ቤት ወረቀት ሲመጣ የወላጅ የመጀመሪያ ሐሳብ «ምን አጠፋ?» ነው። ያ ሐሳብ ካልወጣ ከኋላ ያለውን አያስነብብም። ልጁም ወረቀቱን በራሱ አፍ ሲያነበው አይፈራም፤ ስለማይፈራም አይለውጠውም።

ደግሞ «እንደምን ሰነበቱ»፣ «እባክዎ» እና «አክባሪዎ» በዝርዝሩ ውስጥ እንዲኖሩ ሆን ተብሎ ተደርጓል። አንዳንድ ባልደረቦቼ አጭር ደብዳቤ ጻፉ ሲባሉ መጀመሪያ የሚቆርጡት ሰላምታውን ነው። ሰላምታ የሌለው አጭር ደብዳቤ በእኛ ዘንድ ትእዛዝ ነው። አያትን የሚያህል ሰው «ውሰደው» ተብሎ አይጻፍለትም፤ «ይውሰዱት» ነው። አክብሮቱ ያለው ደግሞ «ይ» በምትለው አንዲት ፊደልና በ«እርስዎ» አነጋገር እንጂ «ይደረግለት ዘንድ» በሚለው ርዝመት አይደለም።

ዝርዝሩ ብቻውን የማያድነን ቦታ

አንዳንድ ሰው ዝርዝሩን ካየ በኋላ «እንዲህ ከሆነ ማንም ይጽፈዋል» ይላል። ሆኖም ሁሉም ቃል ከዝርዝሩ ሆኖ ደብዳቤው ላይገባ ይችላል። ሁለት ምሳሌ ልስጥ።

የመጀመሪያው «ልጅዎ ይመታል» የሚለው ነው። ሁለት ቃል ነው፤ ሁለቱም የታወቁ ናቸው። ነገር ግን ሲነበብ ላልቶ ከተነበበ ልጁ ሌላውን ይመታል ነው፤ ጠብቆ ከተነበበ ልጁ በሌላ ይመታል ነው። ፊደላችን መጥበቅና መላላቱን አያሳይም። አንዱ ወላጅ ልጁን ሊቀጣ ይነሣል፤ ሌላው ሊጣላ ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ግስ ሲመጣ መቺውና ተመቺው ሁለቱም ይጻፋሉ፦ «ልጅዎ ሌሎች ልጆችን ይመታል» ወይም «ልጅዎን ሌሎች ልጆች ይመቱታል»። «ይበላል» እና «ይሰማል» የሚሉትም እንዲሁ ናቸው።

ሁለተኛው «ለልጅዎ ፊት አይስጡት» የሚለው ነው። ፊትም ሰጠም ልጅ የሚያውቃቸው ቃላት ናቸው። አማርኛን በእናቱ ጡት ላልተማረ ሰው ግን «ፊት አይስጡት» ምን ማለት ነው? አንዳንዱ ልጁን አያናግሩት የተባለ ይመስለዋል። «ዓይን ያወጣ ውሸት»፣ «እጅ ሰጠ» የሚሉትም እንደዚሁ ቃላቸው ቀላል፣ ነገራቸው ግን የተሸፈነ ነው። ስለዚህ ቃሉ ብቻ ሳይሆን የቃላቱ መገናኘትም ይመረመራል። «ፊት አይስጡት» በማለት ፈንታ «ከምሳ በፊት ከረሜላ ሲጠይቅዎ እምቢ ይበሉት» ብል ይረዝማል፤ የሚደረገው ግን ይታወቃል።

ከዝርዝሩ ውጭ ያለ ቃል የግድ ሲያስፈልግስ? ያስፈልጋል። ለምሳሌ የክትባት ቀን ሲኖር የበሽታውን ስም መጻፍ ግዴታ ነው። ኦግደንም ለሳይንስ ነገር ከ850ው በላይ ጥቂት ተጨማሪ ቃላት ፈቅዶ ነበር። የእኔ ደንብ በአንድ ደብዳቤ አንድ እንግዳ ቃል ብቻ ነው፤ እሱም በመጣበት ቦታ ወዲያው በታወቀ ቃል ይፈታል። «ኩፍኝ፣ ይኸውም ትኩሳትና ሽፍታ ያለው የልጆች በሽታ» ይባላል። ሁለት እንግዳ ቃል ካስፈለገ ጉዳዩ በወረቀት የሚያልቅ አይደለምና ወላጅ መጠራት አለበት።

እንዴት ይፈተሻል?

ደብዳቤው ከመላኩ በፊት ለአንድ ሰው ይነበባል። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን «ገባዎት?» ብለን እንጠይቃለን። ይህ ጥያቄ አይረባም። ጨዋ ሰው «አዎን ገባኝ» ነው የሚለው፤ አልገባኝም ማለት አስተማሪውን መውቀስ፣ ራስንም ማሳነስ ይመስለዋል። መጠየቅ ያለበት «እንግዲህ ይህ ወረቀት ቢደርስዎ ነገ ምን ያደርጋሉ?» ተብሎ ነው። የሚመልሰው ሥራ በወረቀቱ ላይ ካለው ሥራ ጋር ከተገጣጠመ ደብዳቤው ደርሷል።

ይህን ደብዳቤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ እንዲሰሙልኝ ጠይቄአቸው ነበር። ያን ጊዜ የነበረው «ሰሌዳ» ብቻ ነበር። «ምን ያደርጋሉ?» ስላቸው «የመኪናውን ቁጥር ማየት ካቃተው እንግዲህ ዓይኑ ነዋ፣ ሐኪም ዘንድ እወስደዋለሁ» አሉ። ሥራው ትክክል ነው፤ ነገሩ ግን የመኪና ሰሌዳ ሆኖባቸዋል። ቃሉ የሦስቱን ሰዎች ፈተና አልፎ የገባ ነበር፤ ለብቻው ሲጠየቅ አንድ ትርጉም፣ በደብዳቤ ውስጥ ሲገባ ሌላ ትርጉም አገኘ። «ጥቁር ሰሌዳ» ተብሎ የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። በዝርዝሩም ላይ «ሰሌዳ» ተሰርዞ «ጥቁር ሰሌዳ» ተጽፏል።

ፈተናው አንድ ሰው ላይ ብቻ አያልቅም። ደብዳቤው ከተላከ በኋላ ማን ምን እንዳደረገ መቁጠር ያስፈልጋል። ለ10 ወላጅ «ሰኞ ጠዋት ይምጡ» ተብሎ ተጽፎ 8 ቢመጡ፣ ያልመጡትን ሁለቱን ሰነፎች ናቸው ከማለት በፊት ደብዳቤውን ማን አነበበላቸው ብሎ መጠየቅ ነው። 8ቱ ሳይመጡ ቢቀሩ ግን ጥፋቱ የወረቀቱ ነው። ወላጆች መጥተው የተለያየ ነገር ከጠየቁም የትኛው ዓረፍተ ነገር ሁለት ትርጉም እንዳለው ከጥያቄአቸው ይታወቃል።

ስለዚያ ልጅ ነገር ልጨርስላችሁ። አዲሱ ደብዳቤ የተላከው ረቡዕ ነው፤ እናቲቱ ሐሙስ ጠዋት ጤና ጣቢያ ነበሩ። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላኩ፤ ልጁ አሁን መነጽር አለው። ወረቀቱን በሐኪሙ ፊት ያነበበው ልጁ ራሱ ነበር ብለውኛል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልለምናችሁ። የቃላቱ ዝርዝር ከዚህ ሰሌዳ አጠገብ፣ ኧረ ከዚህ የማስታወቂያ ሰሌዳ አጠገብ ይለጠፋል። አንድ እርሳስም በክር ይታሰራል። የምታውቁት ቃል ከጠፋ በግርጌ ጻፉት። የማታውቁት፣ ወይም ሁለት ነገር የሚመስላችሁ ቃል ካለ ከሥሩ አስምሩበት። ስም መጻፍ አያስፈልግም። ማንበብ የማትችሉም ብትሆኑ ሰው አንብቦላችሁ «ይኸኛው አልገባኝም» በሉትና ያስምርላችሁ። ሦስት መስመር የተሰመረበት ቃል በሚመጣው መንፈቅ በደብዳቤ አይመጣባችሁም።